የዚህ ዙር የፕሮጀክት ርዕሶች፦ ለንግድ ክበባችን አባላት

ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ዙር ፕሮጀክት ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተቧደኑና ከታች ካሉት አንዱን ምረጡ። አንዱን ብቻ። ባለፈው ዙር ሁለት ርዕስ የያዘው ቡድን አንዱንም ሳይጨርስ ነው የቀረው።

ርዕስ 1፦ የአንዱ ወጪ በትክክል ስንት ነው?

በእጃችሁ የምትሠሩት ትንሽ ዕቃ ምረጡ። የአንዷን ወጪ እስከ ክሯና እስከ ሙጫዋ ድረስ አስሉ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ዙር ደብተር የሠሩትን ልጆች እናስታውስ። የገንዘቡን ስም ልተወውና ቁጥሩን ብቻ ልንገራችሁ። ለ40 ደብተር ወረቀት 400፣ ለሽፋን 200፣ ለክርና ለሙጫ 60 አወጡ። ድምሩ 660። ለ40 አካፈሉትና 16.50 መጣ። «በ20 እንሸጣለን፣ በአንዱ 3.50 እናተርፋለን» ብለው ደስ አላቸው።

ግን አራቱ ደብተሮች ገና ሲሰፉ ተበላሽተዋል። የሚሸጠው 36 ነው። 660 ለ36 ሲካፈል 18.33 ይሆናል። በዚያ ላይ ጉልበታቸውን ረስተውታል። አንዱን ደብተር መስፋት 20 ደቂቃ ይፈጃል። ለአንድ ሰዓት ሥራ 15 ብናስብ፣ በአንዱ 5፣ በ40ው 200 ይመጣል። ጠቅላላው 860 ሆነ፤ ለ36 ሲካፈል ወደ 23.90። እንግዲህ በ20 የሸጡት እያንዳንዱ ደብተር ኪሳራ ነበር።

ወስፌውና መቁረጫው ደግሞ 180 ፈጅተዋል። ይህ ወጪ አንድም ሠራችሁ መቶም አይለወጥም፤ ስለዚህ ለብቻው ይያዝ። ዋጋውን 30 ብታደርጉት በአንዱ 6.10 ይተርፋል። 180ን ለ6.10 አካፍሉ፤ የመሣሪያው ገንዘብ የሚመለሰው 30ኛው ደብተር ሲሸጥ ነው። የእናንተም ሥራ ይህን ቁጥር ማግኘት ነው።

«እኛ ጉልበታችንን አንቆጥርም» የሚል አይጠፋም። ቁጠሩት። ነገ ሰው ቀጥራችሁ ብታሠሩ በነጻ አይሠራላችሁም።

ርዕስ 2፦ ይገዛሉ ወይስ «ጎበዝ» ብቻ ይላሉ?

እኔ በጣም የምወደው ርዕስ ይህ ነው። አንድ ናሙና ብቻ ሥሩ፤ ከዚያ ሰው ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ። «ብንሸጠው ትገዛለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ያለው ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። አክስታችሁማ ሳታየውም «አዎ» ትላለች። ስለዚህ ዘመድና የቅርብ ጓደኛ አይቆጠርም።

የምትጠይቁት ሌላ ነገር ነው። «ዋጋው ይህ ነው፣ በሁለት ሳምንት ይደርሳል፣ ቀብድ ታስይዛለህ?» በሉት። ቀብዱ ትንሽም ቢሆን ችግር የለውም። ባለፈው ዙር ከካርቶን የስልክ ማስቀመጫ የሠራው ቡድን 30 ሰው ጠይቆ 24ቱ «እንገዛለን» አሉት። ቀብድ ሲባል እጃቸውን ወደ ኪስ የሰደዱት 7 ናቸው። ፈላጊያችሁ ሰባቱ እንጂ ሃያ አራቱ አይደሉም።

እምቢ ያለውንም መዝግቡ። ቀንና ምክንያት ጻፉ፤ ቃሉን እንዳለ። «ውድ ነው» እና «አልፈልገውም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ዋጋ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ዕቃው። የተቀበላችሁት ቀብድ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ዕቃው ካልደረሰ ለባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ርዕስ 3፦ አንድ ዕቃ በሁለት ዋጋ

አንዱን ሳምንት በ30፣ ቀጣዩን በ36 ሽጡ። ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ አንድ ይሁን፤ አለዚያ ልዩነቱ ከዋጋው ይምጣ ከቦታው አታውቁም። ወጪው 23.90 የሆነ ዕቃ በ30 አሥራ ስምንት ቢሸጥ 109.80 ይተርፋል። በ36 አሥራ ሁለት ብቻ ቢሸጥ 145.20። ብዙ የሸጠ ሁልጊዜ ብዙ አያተርፍም። የሁለት ሳምንት ሙከራ ሁሉን አይናገርም፤ በዘገባችሁ ውስጥ ይህንንም ጻፉ።

ርዕስ 4፦ ትርፍ አለ፣ ገንዘብ የለም

በዱቤ የሸጣችሁት ዕቃ በደብተር ላይ ትርፍ ነው፣ በሳጥን ውስጥ ግን ባዶ። በየቀኑ የገባውንና የወጣውን ለአራት ሳምንት መዝግቡና ገንዘቡ የትኛው ቀን ላይ እንዳለቀ አሳዩ። ሒሳብ የሚወድ ልጅ ያለበት ቡድን ይውሰደው።

ርዕስ 5፦ ዕቃ የሌለው ሽያጭ

ብስክሌት ማጠብ፣ ለታናናሾች ማስጠናት፣ ፎቶ ማንሳት። እዚህ ዋናው ወጪ ሰዓት ነው። የመሄጃና የመጠበቂያ ሰዓቱን መቁጠር እንዳትረሱ።

የምታስረክቡት አንድ የሒሳብ ደብተርና የሁለት ገጽ ዘገባ ነው። ደረሰኝ ካለ ይለጠፍበት። ያማረ ፖስተር ማርክ የለውም። የከሰረ ቡድን ግን ለምን እንደከሰረ በቁጥር ካሳየ ሙሉ ማርክ ያገኛል። የቡድናችሁን ስምና የመረጣችሁትን ርዕስ እስከ ዓርብ ለክበቡ ጸሐፊ ስጡ። አንድን ርዕስ ከሁለት ቡድን በላይ ከመረጠው ዕጣ እንጥላለን።