በስልክ መንፈሳዊ ትምህርት ለመቅረጽ፦ ከ«ሪከርድ» በፊትና በኋላ

ቻናል ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ትምህርት ልትቀርጹ ከሆነ ከድምፁ ጀምሩ። ብዙ ሰው ትምህርት የሚሰማው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ይታገሣችኋል። ድምፁ ካስተጋባ ግን ቃሉ አይደርሰውም።

ስለዚህ ክፍሉን በጆሯችሁ ምረጡ። መሃል ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ከግድግዳው ተመልሶ ከተሰማችሁ መጋረጃ ዝጉ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ከስልኩ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ፍሪጅና ቬንትሌተር ይጥፋ። (ፍሪጁን መልሳችሁ ማብራት እንዳትረሱ።)

የደረት ማይክ ካላችሁ ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ልብሱ ላይ ሰኩት። ከሌላችሁ ሌላ ስልክ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ፣ ካሜራው እማያየው ቦታ፣ ደረታችሁ አጠገብ አስቀምጡ። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ስታደርጉ ምስሉንና ድምፁን በዚያች ጭብጨባ ታገጣጥማላችሁ። መቁጠሪያ፣ የአንገት ሐብልና ሻርፕ ከማይኩ ይራቁ። እኔ መጀመሪያ ስቀርጽ ሻርፑ ማይኩን ሲነካው 20 ደቂቃ ሙሉ ኮሽ ኮሽ ሲል ቆየ፣ የሰማሁት ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። አሁን 30 ሰከንድ ቀርጬ በኢርፎን ሳልሰማ አልጀምርም፣ እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

መብራት ቀላል ነው። ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙሩ፣ ትንሽ ጎን ሰጥታችሁ። መስኮቱ ከኋላችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጠቁራል። የቀን ብርሃንና ቢጫ አምፖል አትቀላቅሉ፣ ቆዳ ላይ ሁለት ቀለም ያመጣል። ነጭ ልብስ ከለበሳችሁ ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ተጭናችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ፣ አለዚያ የልብሱ እጥፋት ሁሉ ይጠፋል። አይፎን ላይ AE/AF LOCK እስኪል ያዙት፤ ስትንቀሳቀሱ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ አይልም።

ስልኩ፦ ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ የኋላ ካሜራውን ተጠቀሙ፣ 1080p ይበቃል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ትምህርቱ መሃል ስልክ እንዳይደወል። ሜሞሪው ቦታ እንዳለው እዩ። ስልኩ በዓይናችሁ ቁመት ልክ ይቁም፣ መጽሐፍ ደራርባችሁም ቢሆን። ቅዱሳት መጻሕፍትን ግን ለመደገፊያ አትጠቀሙ፤ ለእኛም ለሚያየንም ክብር አይደለም። ጥቅስ ስታነቡ መጽሐፉን ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ አንገታችሁን ስትደፉ ድምፃችሁም አብሮ ይወርዳል።

ከዚያ ጸልዩ፣ ትንፋሽ ውሰዱ፣ ሪከርዱን ተጫኑ። ከመናገራችሁ በፊት 10 ሰከንድ ዝም በሉ፤ የክፍሉ ጸጥታ ድምፅ በኋላ ለማጽዳት ይጠቅማችኋል። ከተሳሳታችሁ አታቋርጡ፣ ዝም ብላችሁ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙት። ስትጨርሱ ከቦታችሁ ሳትነሱ መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን በኢርፎን ስሙ። ችግር ካለ መስኮቱ ላይ ብርሃኑ ሳይለወጥ ወዲያው ትደግሙታላችሁ።