ለግቢያችን ሰዎች

ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ከረማችሁ? በሩ ላይ የነበረውን ማስታወቂያ በዚህ ቀይረነዋል፤ ደንቡ ግን ያው ነው።

ኪራይ ወር በገባ እስከ 5 ድረስ ይከፈል። በሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይቆለፋል። የምታመሹ ቀድማችሁ ደውሉልን፣ ወጥተን እንከፍታለን።

የቱሉ ዲምቱን ውሃ ታውቁታላችሁ። ልብስ የምናጥበው ውሃ በመጣ ቀን ብቻ ይሁን። የሮቶው ለመጠጥና ለማብሰያ ይቆየን፤ ባለፈው ሳምንት ከታች ጭቃው ብቻ ቀርቶ ነበር። ምጣድ በተራ ይሰካ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ ቆጣሪው አይችልም። እንጀራ የቸኮለበት ካለ ደግሞ ከእኛ ይውሰድ።

እንግዳ ሲያድር አሳውቁን። ቆሻሻ በማዳበሪያ ታስሮ ይውጣ።

የጎደለ ነገር ካለ በራችንን አንኳኩ፣ ቡና አይጠፋም።

አከራዮቻችሁ