የዋጋ ማቅረቢያ፦ ከዋናው ቤት ጀርባ ለሚሠራ አንድ ክፍል

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ደንበኛችን፣

ማክሰኞ ቦታውን አብረን ለክተናል። 4 በ5 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር፣ አንድ በርና ሁለት መስኮት ያለው ክፍል ነው። ዋጋው እንደሚከተለው ነው፤ ታክስም ተካቶበታል።

ዕቃ

ሲሚንቶ 32 ኩንታል በ1,700፦ 54,400 ብር
ብሎኬት 650 በ45፦ 29,250 ብር
ፌሮ 280 ኪሎ በ130፦ 36,400 ብር
አሸዋ፣ ጠጠርና የመሠረት ድንጋይ፣ ከነማጓጓዣው፦ 62,000 ብር
ቆርቆሮ፣ የጣሪያ እንጨትና ሚስማር፦ 68,000 ብር
የብረት በርና መስኮት ከነመስታወቱ፦ 58,000 ብር
የመብራት ዕቃና ቀለም፦ 41,950 ብር
የዕቃ ድምር፦ 350,000 ብር

ብሎኬቱ ለምን በዛ ብለውኝ ነበር። በርና መስኮቱ ሲቀነስ ግድግዳው 49 ካሬ ነው። ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ይገባል፤ 613 አካባቢ ይሆናል። ቀሪው ለስብራትና ለቁራጭ ነው። ሳይነካ የተረፈውን ለእርስዎ አስረክባለሁ።

የእጅ ዋጋ፦ 140,000 ብር

ቁፋሮ፣ ግንባታ፣ ፌሮ ማሰር፣ አርማታ፣ ጣሪያ፣ ልስን፣ መብራት መዘርጋትና ቀለም ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ሥራው 35 የሥራ ቀን ይፈጃል። ውኃና መብራት ከቤትዎ እንጠቀማለን። የኮርኒስ ሥራ አልተካተተም።

መጠባበቂያ፦ 39,200 ብር (ከዕቃውና ከእጅ ዋጋው 8 በመቶ)

ይህን በደንብ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። መሠረቱን ያሰላሁት በ60 ሳንቲም ጥልቀት ነው። በአጥሩ በኩል ባለው ጥግ ስንሞክር ግን አፈሩ በሙሌት የተደለደለ፣ ያልጠነከረ ሆኖ አገኘነው። እስከ ጠንካራው መሬት ካልወረድን ግድግዳው በኋላ ይሰነጠቃል፤ እዚያ ላይ መቆጠብ አልፈልግም። መጠባበቂያው ለዚህና ለመሰል ያልታየ ነገር ብቻ ነው። እኛ ላበላሸነው ሥራ ወይም ላባከንነው ዕቃ አይነካም። እርስዎ አይተው ሳይፈርሙ አንድ ብር አይወጣበትም። ካልተነካም አልጠይቅዎትም።

ያለ መጠባበቂያው 490,000 ብር፣ ከነመጠባበቂያው ቢበዛ 529,200 ብር ነው።

አከፋፈል

ውል ስንፈርም 196,000፣ ጣሪያው ሲመታ 171,500፣ ስናስረክብ 98,000 ብር። ቀሪው 24,500 ብር ለ3 ወር እርስዎ ዘንድ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ስንጥቅ ወይም የሚያፈስ ነገር ከታየ በራሴ ወጪ አስተካክላለሁ።

ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ

እስከ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ነው። ጊዜው ያጠረው ሲሚንቶና ፌሮ የሚሸጡልኝ ሰዎች ዋጋቸውን ከ15 ቀን በላይ ስለማይዙልኝ ነው። ቀኑ ካለፈ የሁለቱን ዋጋ ብቻ የሻጩን ወረቀት አያይዤ አሻሽላለሁ፤ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል። እስከዚያ ፈርመው የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈጸሙ ግን ዕቃውን ወዲያው ስለምገዛ ገበያው ቢጨምርም ጭማሪው በእኔ ነው።

ከተስማሙ ከታች ፈርመው አንዱን ቅጂ ይላኩልኝ። ከፈረሙ በ5ኛው ቀን ቁፋሮ እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥራ ተቋራጩ