ከተቅማጥ በማገገም ላይ ያለ ልጅ አመጋገብና የዚንክ አወሳሰድ

ከጤና ጣቢያው የሕፃናት ክፍል፣ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ

ልጃችሁ ዛሬ ተመርምሮ በቤት ውስጥ ሊታከም እንደሚችል ስለተረጋገጠ ዚንክና ኦአርኤስ (ለምለም) ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ይህን ጽሑፍ ልጁን በቤት ለሚይዙ ሁሉ፣ ለአያትም ለሞግዚትም አንብቡላቸው።

ምግብ አትቀንሱ

ተቅማጥ የያዘውን ልጅ «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ከምግብ መከልከል በብዙ ቤት የቆየ ልማድ ነው፤ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ልጁን ይጎዳዋል። የታመመ አንጀት እንኳ ከሚበላው ምግብ አብዛኛውን ወደ ሰውነት ያስገባል፣ የተጎዳው የአንጀት ግድግዳም የሚጠገነው በምግብ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲበላ ሰገራው ትንሽ ቢበዛ አትደንግጡ።

የሚጠባ ልጅ ከወትሮው ይበልጥ ደጋግሞ ይጥባ፤ ሌሊትም አይከልከል። ምግብ የጀመረ ልጅ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማስጨነቅ ይልቅ በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት፣ በትዕግሥትና እያባበላችሁ መግቡት። ገንፎው ቀጥኖ ከማንኪያው የሚፈስ ከሆነ ሆድ የሚሞላው ውሃው ነውና፣ ማንኪያው ዘንበል ሲል ሳይፈስ የሚቆይ እስኪሆን አወፍሩት፤ በሳህኑም ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት። እንቁላል፣ ከድንችና ከካሮት ጋር በደንብ በስሎ የተፈጨ ምስር ክክ፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ፣ የበሰለ ሙዝና አቮካዶ ለዚህ ጊዜ የሚስማሙ ናቸው። ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ጭማቂና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ተቅማጡን ሊያባብሱ ስለሚችሉ አትስጡት።

በጾም ወቅት ዕቃ እንዳይነካካ በማለት ለልጁ እንቁላልና ወተት የሚቀርበት ቤት አለ። ሕፃን አይጾምምና፣ ለእርሱ አንዲት ድስትና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

ተቅማጡ ከቆመ በኋላ ለ2 ሳምንት በየቀኑ ከወትሮው አንድ ምግብ ጨምሩለት። የቀነሰውን ክብደት የሚመልሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው።

ዚንክ

ዚንክ የተቅማጡን ዕድሜ ያሳጥራል፣ ብርታቱን ይቀንሳል፣ በሚቀጥሉት 2 እና 3 ወራትም ተመልሶ እንዳይዘው ያግዛል። መጠኑ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ኪኒን ለ10 ቀን ነው። (በቤታችሁ ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን ቢያስቀምጠው ለብቻው ይመርመር እንጂ ከዚህ ኪኒን አትስጡት፤ መጠኑ የተለየ ነው።)

ኪኒኑን በሻይ ማንኪያ ላይ አድርጋችሁ የታለበ የእናት ጡት ወተት ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ጥቂት ስትጠብቁ ራሱ ይሟሟል። ከሰጣችሁት በኋላ በማንኪያው ሥር የቀረውን በጥቂት ውሃ አለቅልቃችሁ አጠጡት። ከፍ ያለ ልጅ አኝኮ ሊውጠው ይችላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ሌላ ኪኒን ስጡት።

ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩን አታቋርጡ። ሰኞ የተጀመረ ኪኒን የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው።

ኦአርኤስ

ዚንክ ኦአርኤስን አይተካም። የተሰጣችሁን አንድ ከረጢት ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ማለትም በሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ልክ በጥብጡት፤ ስኳርም ጨውም አትጨምሩበት። ባስቀመጠው ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በጡጦ ሳይሆን በስኒና በማንኪያ ስጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በዝግታ ቀጥሉ። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት።

የማይደረግ

የተቅማጥ ማቆሚያ መድኃኒት ወይም ከሌላ ልጅ የተረፈ አንቲባዮቲክ አትስጡት። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ተቅማጥን አያድንም፤ ደም መፍሰስና ከባድ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሕይወትም ይቀጥፋል። ይህን የሚመክራችሁ ሰው ካለ እባካችሁ አስቀድማችሁ እኛን አነጋግሩን።

ሳትዘገዩ ተመለሱ

ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትኩሳት ከጀመረው ወይም በሰገራው ደም ከታየ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው አምጡት፤ በመንገድ ላይም ኦአርኤስ እየሰጣችሁት ኑ። ከእነዚህ አንዱም ባይታይ እንኳ በ5 ቀን ውስጥ ካልተሻለው መልሳችሁ አሳዩን። የመጨረሻው ኪኒን ባለቀ ማግስት ደግሞ የክትትል ካርዱን ይዛችሁ ኑ፤ ክብደቱን እንመዝነዋለን።