«ሰላም» ላሉን ለእትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን! እንዴት ዋሉልን? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? በቴሌግራም «ሰላም» ብለው የጻፉት ከሐዋሳ አዳማ ደርሶናል፤ አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ልጆቹ ስልኩን እየተቀባበሉ አዩት። ደስ ብሎን ስለሆነ መልሳችን ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቀስ ብለው ያንብቡት፣ የትም አይሄድም። የቀረውን ለማየት ጣትዎን ከታች ወደ ላይ ሳብ ያድርጉ።

ከጻፉት ቃል አጠገብ በቀኝ በኩል ትንሽዬ ምልክት አለች። አንድ ራይት ከሆነች መልእክቱ ከእርስዎ ስልክ ወጥቷል፤ ሁለት ራይት ከሆነች ከፍተን አይተነዋል። አንዷ ብቻ ሆና ብትቆይ ሥራ ላይ ሆነን ነው፣ ደግመው በመጻፍ አይድከሙ። የሰዓት ምልክት ካዩ ግን ገና አልወጣም፤ ብዙ ጊዜ ዳታው ጠፍቶ ነው። ጣትዎን ከስክሪኑ አናት ወደ ታች ሲጎትቱ ምልክቶች ይወርዳሉ፤ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች የሚያዩት ሁለት ቀስቶች ዳታው ናቸው። አንዴ ብቻ ነካ ያድርጓቸው፤ ሁለቴ ከነኩ በርቶ መልሶ ይጠፋል። በርቶም እንቢ ካለ ጥቅሉ አልቆ ሊሆን ይችላል። *804# ብለው ቢደውሉ ቀሪው ይታያል፤ ካስቸገረዎት ሚስኮል ያድርጉልን፣ ከዚህ ሆነን በቴሌብር እንልክልዎታለን።

ፊደል መፈለጉ ዓይንዎን እንዳያደክመው ደግሞ በድምፅ ይላኩልን። እኛም የምንናፍቀው ድምፅዎን ነው። ቴሌግራሙ ላይ ስማችንን ከፍተው ከታች በቀኝ ጥግ የማይክ ምልክት አለች። ጣትዎን አሳርፈውባት ሳይለቁ ይናገሩ፤ ሲጨርሱ ይልቀቁ፣ ራሱ ይሄዳል። ነካ አድርገው ወዲያው ከለቀቁ ማይኳ ወደ ካሜራ ትቀየራለች፤ ምንም አልተበላሸም፣ አንዴ ነካ ሲያደርጓት ማይክ ትሆናለች። ማይኳ ጨርሶ ጠፍታ በቦታዋ ቀስት ካዩ ደግሞ መጻፊያው ላይ ሳያውቁ የነኩት ፊደል ቀርቷል፤ እሱን ሲያጠፉት ትመለሳለች። የስልኩ ድምፅ መቀበያ ከታች ጠርዝ ላይ ያለችው ቀዳዳ ስለሆነች በመዳፍዎ አይሸፍኗት፤ ከተሸፈነች ድምፅዎ ታፍኖ ይደርሰናል።

እኛ የላክነውን ድምፅ ለመስማት ከመስመሩ አጠገብ ያለውን ክብ ነገር ነካ ያድርጉ። ስልኩን ጆሮዎ ላይ ሲያስጠጉት እንደ ጥሪ ቀስ ብሎ ይሰማል፤ ከጆሮዎ ራቅ ሲያደርጉት ጮክ ይላል። ድንገት ድምፁ ቢቀንስ ስልኩ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ።

አሁን የምንነግርዎትን ግን አደራ፣ በደንብ ይያዙልን። በቴሌግራም ወይም በጽሑፍ መልእክት ቁጥር ይመጣልዎትና አንድ ሰው «እማማ፣ በስህተት የተላከ ነው፣ ቁጥሩን ንገሩኝ» ሊልዎ ይችላል። ማንም ይሁን አይንገሩት። ያ ቁጥር የቴሌግራምዎ ቁልፍ ነው፤ የያዘው ሰው በእርስዎ ስም ገብቶ «ብር ላኩልኝ» እያለ ለዘመድ ሁሉ ይጽፋል። በእኛ ስምና በእኛ ፎቶም ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ከእኛ ኮድ ወይም ብር የሚጠይቅ ጽሑፍ ካዩ ስልክ ደውለው ድምፃችንን ሳይሰሙ ምንም አያድርጉ። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርዎን ደግሞ እኛም አንጠይቅዎትም፤ ከቴሌ ነኝ ብሎ የሚደውልም ቢሆን ዘግተውበት ለእኛ ይደውሉ። ስልክ በሰው ላይ መዝጋት ነውር መስሎ ይታይዎት ይሆናል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ነውር አይደለም።

ከዚህ ውጪ የፈለጉትን ይነካኩ። ስክሪኑን በመንካት ስልክ አይፈነዳም፤ የማያውቁት ገጽ ውስጥ ከገቡም ከታች ያለችው የመመለሻ ምልክት ታወጣዎታለች። የቆሻሻ ቅርጫት የምትመስለውን ብቻ ይተዋት፣ እሷ የላክነውን ታጠፋለች። ጽሑፋችን ካነሰብዎት ማጉላት ይቻላል፤ ለገብርኤል ንግሥ ስንመጣ አጠገብዎ ቁጭ ብለን እናስተካክለዋለን።

እስከዚያ በጽሑፍ «ሰላም» ካሉን ይበቃናል፤ ደህና መዋልዎን እናውቃለን። አሁን ደግሞ ማይኳን ይዘው ጉልበትዎ እንዴት እንደሆነና መድኃኒቱ እንዳላለቀ ይንገሩን። እየጠበቅን ነው።

ልጆችዎ፣ ሄኖክና ሰብለ፣ ከአዳማ