«ደጅ»፦ ትዕይንት 14–18፣ ከብርሃንና ከሰዓት ማስታወሻ ጋር

ለካሜራ፣ ለመብራት፣ ለአልባሳትና ለኮንቲኒቲ። ከ14 እስከ 17 ያለው በታሪኩ አንድ ማለዳ ነው፤ የምንቀርጸው ግን ኅዳር 8 እና ኅዳር 17 አንኮበር ላይ ነው። በትዕይንቶቹ ርእስ ላይ ያለው ሰዓት የታሪኩ ነው፣ በማስታወሻዎቹ ውስጥ ያለው የቀረጻው፤ ሁሉም በእኛ አቆጣጠር። «ጠዋት» ብቻ ብዬ ያልተውኩት፣ እዚህ ጉም ያለበት ጠዋትና ጉሙ የገፈፈ ጠዋት ጨርሶ ስለማይመሳሰሉ ነው።

14. ውጭ። የእማማ ዘነበች ደጅ። ንጋት፣ 12:00። ፀሐይ አልወጣችም፣ ጉም፣ ጥላ የለም። (ኅዳር 8)
እማማ ዘነበች ባናቸውን ተከናንበው በሩን ይከፍታሉ። ከገደሉ በኩል ጉም እየወጣ ነው።
*የጎደለ ሾት ከተረፈን ኅዳር 17 ከ10:30 በኋላ፣ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ፣ በጥላው እንቀርጸዋለን። ያኔ ሰማይ በፍጹም አይታይ፤ ምሥራቁ ሲነጋ ይፈካል፣ ሲመሽ ይጠቁራል።*

15. ውስጥ። ጎጆው። ከ14 የቀጠለ፣ 12:10። ኩራዝ በቀኝ፣ የበሩ ብርሃን በግራ፣ ሰማያዊና ደካማ። (ኅዳር 17)
ታደለ ጫማውን ያስራል።
እማማ ዘነበች፦ ቆሎውን ያዝ፣ ልጄ። ደብረ ብርሃን እስክትደርስ ይርብሃል።
ታደለ፦ እሺ፣ እማዬ።
*ካሜራው 3200 ኬልቪን ላይ ይሁን፤ የኩራዙ ነበልባል ቢጫ፣ የበሩ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ውጭ ፀሐይ ካለ በሩ ፊት ጨርቅ ይወጠር። አንዲት የፀሐይ ጨረር መደቡ ላይ ካረፈች 14ን አጣነው።*

16. ውጭ። ደጁ። ጠዋት፣ 1:30። ጉሙ ገፏል፣ ፀሐይ ከምሥራቅ ዝቅ ብላ፣ የጽዱ ጥላ ደፉ ላይ። (ኅዳር 8)
ታደለ ይወጣል። እናቱ ጥላው ውስጥ ይቀራሉ፣ እሱ ፀሐይ ላይ ይቆማል።
*የመለያየቱ ትዕይንት የቆመው በዚህ ጥላ ነው፣ እባካችሁ እንጠብቀው። ፊታችንን ወደ በሩ ስናዞር፣ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ጥላው እያጠረ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ደፉን ከለቀቀ ቀረጻው ይቁም፤ በሪፍሌክተር የሚመለስ አይደለም። ኮንቲኒቲ በየቴኩ መጀመሪያ የጥላውን ጫፍ ፎቶ ያንሳ።*

17. ውጭ። የገብሱ ማሳ ዳር፣ መንገድ። ጠዋት፣ 1:45። ፀሐይ ከ16 ጋር እኩል። (ኅዳር 17)
ታደለ ዞሮ ሳያይ ይሄዳል።
*ማሳው አዝመራ ላይ ነው። እስከ ኅዳር 17 ከታጨደ ትዕይንት 16 ላይ ከጀርባ የሚታየው ገብስ ይጋጭብናል፤ ስለዚህ ኅዳር 8 ሰፊውን ሾት ያለ ተዋናይ ቀድመን እንያዝ፣ ባለማሳውንም እናነጋግር። ደመና ከሆነ እንጠብቃለን፣ 2:30 ካለፈ ግን ለማግስቱ ይተላለፋል።*

18. ውስጥ። ጎጆው። ሌሊት፣ 3:00፣ በዚያው ቀን። ምድጃ ብቻ፣ ኩራዙ ጠፍቷል። (ኅዳር 17)
እማማ ዘነበች ብቻቸውን።
*ከ15 ጋር በአንድ ቀን ይቀረጻል። መብራቱ በሙሉ ከወለል ከፍታ ይምጣ፤ በሩ ይዘጋ፣ ስንጥቁም ይደፈን።*