የንብ ማነብ ስልጠና ለአዋቂዎች፦ ስምንት እሁድ በቡሬ

ባለፈው ዓመት የዚህ ስልጠና መግለጫ «የተሳታፊዎችን ዘመናዊ የንብ ማነብ ክህሎት ያጎለብታል» ይል ነበር። ሊመዘገቡ የመጡ አንዲት እናት ሲነበብላቸው ሰምተው «ልጄ፣ ስጨርስ ማር እቆርጣለሁ ወይስ ስለ ማር ሰምቼ እመለሳለሁ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ክፍያውንም «ተመጣጣኝ» ብለን አልፈነው ነበር፤ ስንት ብር እንደሆነ አልተጻፈም። ዘንድሮ እንደገና ጽፈነዋል።

ሲጨርሱ በእጅዎ የሚሠሩት

የንብ መንጋ ከባህላዊ ቀፎ ወደ ባለ ፍሬም ቀፎ ያዛውራሉ። ይህ የስልጠናው ዋና ሥራ ነው። 24 ሰልጣኞች በአራት ቡድን ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ መንጋ ተረክቦ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይይዛል። አሰልጣኙ ሲሠራ ቆመው የሚያዩበት ቀን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማጨሻውን የሚይዙት፣ አውራዋን የሚፈልጉት፣ ፍሬሙን የሚያነሱት እርስዎ ነዎት። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ቢያንስ ሁለት ፍሬም በራሱ እጅ አውጥቶ እጭ የቱ፣ ማር የቱ፣ የአበባ ዱቄት የቱ እንደሆነ ለይቶ ያሳያል።

የደረሰ ማርም ይለያሉ። የማር እንጀራው ከአራት እጅ ሦስቱ በሰም ካልተከደነ አይቆረጥም፤ ያልበሰለ ማር ውሃው ይበዛና ይቦካል። በእርጥበት መለኪያ ከ20 በመቶ በላይ ያሳየ ማር ለሽያጭ እንደማይቀርብ በራስዎ ማር ላይ ያዩታል። ለንቦቹ ስንቅ ምን ያህል እንደሚተው፣ ሰም እንዴት እንደሚቀልጥ፣ ጎረቤት ፀረ አረም ሲረጭ ቀፎው እንዴት እንደሚጠበቅም በተግባር ይሠራል።

የማንሰጠውንም እንናገር፦ ይህ ስልጠና የሲኦሲ የብቃት ማረጋገጫ አይደለም። ሲጨርሱ የሚያገኙት የሠሩትን ሥራ በዝርዝር የያዘ የእኛ ወረቀት ነው። ሥራ እናስቀጥራለን ብለንም ቃል አንገባም።

መቼ

2019 ዓ.ም.፦ መስከረም 10 እና 24፤ ጥቅምት 1፣ 8፣ 15፣ 22 እና 29፤ ኅዳር 13። ሁሉም እሁድ ናቸው። እሁድን የመረጥነው ገበሬው ስለማያርስበት ነው። መስቀል ዘንድሮ እሁድ ስለሚውል መስከረም 17 ትምህርት የለም። ኅዳር 6 ደግሞ ማሩ እስኪበስል ቀፎውን ስለማንነካ ዕረፍት ነው። ጊዜውን ወደ ጥር እንድናዛውረው የጠየቁን ነበሩ፤ ግን አደይና ሜጭ የሚያብቡት አሁን ነው፤ በጥር ብናስተምር የምናሳየው ማር አይኖርም።

በመደበኛው ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እንማራለን፤ ለምሳ አንድ ሰዓት እናርፋለን። ቀፎ የሚከፈተው በሦስት ቀን ነው፦ መስከረም 24 መንጋ ለማዛወር፣ ጥቅምት 15 ለምርመራ፣ ኅዳር 13 ለቆረጣ። በእነዚህ ቀናት የምንጀምረው ቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ንቡ ፀሐይ ስትበርድ ይረጋጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምሽት 1 ሰዓት ያበቃሉ። ኅዳር 13 ግን ማሩን ሙቀቱ ሳይለቀው በዚያው ምሽት ስለምናጣራ እስከ 3 ሰዓት እንቆያለን። ከማንኩሳ፣ ከሽንዲ ወይም ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ የሚመጣ በነዚህ ሦስት ምሽቶች ያለ ክፍያ ያድራል፤ ፍራሽ አለ፣ ጋቢ ይዘው ይምጡ።

ስንት

2,400 ብር። ከዚህ ውስጥ 960 ብሩ የስምንት ቀን ምግብና ሻይ፣ 640 ብሩ የሥራ ዕቃ፣ 800 ብሩ የአሰልጣኝ ነው። የሚከፈለው በሦስት ጊዜ ነው፦ ሲመዘገቡ 800፣ ጥቅምት 1 ቀን 800፣ ጥቅምት 22 ቀን 800። ከመስከረም 24 በፊት ላቋረጠ 500 ብር ይመለስለታል፤ ቀሪውንም አይጠየቅም።

የንብ ልብስ፣ ጓንትና ማጨሻ እናውሳለን። የትራንስፖርት ወጪ የራስዎ ነው። ቀፎ ግዙ አንልም፤ ጥቅምት 8 እያንዳንዱ ቡድን ከቀርቀሃና ከጭቃ አንድ የጨፈቃ ቀፎ ይሠራል፣ በመጨረሻም በዕጣ ለአንድ አባል ይደርሳል። ሌሎቹም አሠራሩን ስለሚያውቁት ቤታቸው ሄደው ይሠሩታል። የተቆረጠው ማር ለቡድኑ እኩል ይካፈላል።

ማን ይመዘገባል

ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ። ማንበብና መጻፍ አይጠየቅም፤ የቀፎ መዝገቡ በሥዕል ምልክት የሚሞላ ነው። ጡት የምታጠባ እናት ልጅ ያዥ ይዛ መምጣት ትችላለች፤ ለልጅ ያዥዋም ምግብ አለ፣ ተጨማሪ አንጠይቅም። ከዚህ በፊት ንብ ነድፎት ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ሲመዘገብ ሳይደብቅ ይንገረን። ቀፎ ባይከፍትም ቀፎ መሥራትና ማር ማጣራት ላይ ቦታ አለው።

ምዝገባው ከነሐሴ 18 እስከ ጳጉሜን 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት በማሰልጠኛው ቢሮ ነው። መታወቂያና 800 ብር ይዘው ይምጡ። 24ቱ ቦታ ቀድሞ ከሞላ የቢሮው በር ላይ እንለጥፋለን።